የማርከሻው ጥያቄ

ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከታች ጫማና ሞባይል የሚሸጥበት አንድ ሕንፃ አለ። እኛ ያለነው ከላይ ነው። ኮሌጃችን ሁለት ፎቅ ተከራይቶ ነርሶችንና አዋላጆችን ያስተምራል፤ እኔ ደግሞ ጥግ ላይ ባለችው ጠባብ ቢሮ ተቀምጬ ተማሪዎች የመለሱትን እመረምራለሁ። ሥራሽ ምንድነው ሲሉኝ «ፈተናውን እፈትናለሁ» እላለሁ። ሰው ቀልድ ይመስለዋል። እናቴ እንኳ እስከ ዛሬ ድረስ ልጆች የምጥል ይመስላታል።

ፈተና ካለቀ በኋላ የመልስ ወረቀቱ በስካነር ያልፍና ወደ እኔ ኮምፒዩተር ይመጣል። ማን ስንት አገኘ የሚለው የሬጅስትራር ጣጣ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ጥያቄው ነው። እያንዳንዱን ጥያቄ ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ። አንደኛው፣ ከተፈተኑት ስንት እጁ መለሰህ የሚል ነው፤ ይህንን ክብደት እንለዋለን። የሚገርመው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ጥያቄው ይቀላል፣ ሲቀንስ ይከብዳል፤ ስሙን ያወጣለት ሰው ምን ነክቶት እንደገለበጠው አላውቅም። ሁለተኛው፣ ጎበዙን ከሰነፉ ትለያለህ ወይ የሚል ነው። በጠቅላላ ውጤታቸው ከላይ ያሉትን ሩብ ያህል ተማሪዎችና ከታች ያሉትን ሩብ ያህል እወስድና ጥያቄውን ከእነዚያ ስንቱ፣ ከእነዚህ ስንቱ እንደመለሱት አስተያያለሁ። ላይኞቹ መልሰውት ታችኞቹ ከሳቱት ጥያቄው ሥራውን ሠርቷል። እኩል ከመለሱት ምንም አልለየም። ታችኞቹ መልሰውት ላይኞቹ ከሳቱት ግን ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይወርድና ኮምፒዩተሩ ቀይ ይቀባዋል። ያኔ የሆነ ነገር ተበላሽቷል፤ ብዙውን ጊዜም የተበላሸው የመልስ ቁልፉ ነው።

ወደዚህ ሥራ ከመግባቴ በፊት ነርስ ነበርኩ። ስለ መድኃኒት ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ወጥተው ወደ ኮሌጃችን ሲመጡ በደስታ እግሬ መሬት አልረገጠም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከገርጂ እስከ ኮሌጁ በእግራቸው የሚመጡ፣ ክረምት ከበጋ አንድ ግራጫ ኮት የማይለያቸው ሰው ናቸው። ተማሪ ሲያረፍድ አይቆጡም፤ «ሕመምተኛው ግን በሰዓቱ ደርሷል» ብለው ያስገቡታል። ይህቺን የሰማ ልጅ ሁለተኛ አያረፍድም።

ጋሼ አንድ ልማድ ነበራቸው። ጥያቄዎቻቸው በኮሌጁ የጥያቄ ባንክ ውስጥ ለዓመታት የተቀመጡ ቢሆኑም የመልስ ቁልፉን ማንም ዘንድ አያስቀምጡም። በየሴሚስተሩ የፈተናው ቀን ጠዋት ቢሮዬ ይመጡና ባዶ ወረቀት ይቀበሉኛል። ቆመው፣ የኮታቸውን ቁልፍ ሳይፈቱ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያሉ ይጽፉታል። መጽሐፍ አያዩም። «ቁልፍ ከወረቀት ከተቀዳ ይሰረቃል፤ ከጭንቅላት ማን ይሰርቀዋል?» ይላሉ። ለዓመታት አንዲት ፊደል አልተሳሳቱም። የእሳቸው ፈተና ሲመጣ ኮምፒዩተሬ ላይ ያለው የጥያቄዎቹ ገበታ ሁሉ አረንጓዴ ይሆንልኝ ነበር፤ ወጣቶቹን መምህራን «ጥያቄ ማውጣት ከዚህ ተማሩ» እያልኩ አሰለቻቸው ነበር።

ቀዩ የመጣው ባለፈው ዓመት ነው። አራት ጥያቄዎች ከዜሮ በታች ወረዱ። የኮምፒዩተር ስህተት ነው ብዬ ስካነሩን ሰደብኩት፣ ወረቀቶቹን እንደገና አሳለፍኩ። ያው ነው። ቁልፉን አወጣሁት። የራሳቸው የእጅ ጽሑፍ፣ ቀጥ ያለ፣ የማይንቀጠቀጥ። ከአራቱ አንዱ ስለ ማግኒዥየም ሰልፌት የሚጠይቅ ነበር። ይህ መድኃኒት በእርግዝና ደም ግፊቷ ንሮ የሚጥላትን እናት ያድናል፤ ከመጠን ሲያልፍ ግን ትንፋሽ ያቆማል፣ ስለዚህ ማርከሻው አጠገብ መቀመጥ አለበት። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ነው። በጥያቄው ላይ «ለ» ነበር። ጋሼ የጻፉት «ሐ» ነው፤ «ሐ» ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ፖታሲየም በደም ሥር በፍጥነት ከተሰጠ ልብ ያቆማል። ከላይኞቹ አሥራ ስድስት ተማሪዎች «ሐ» ያሉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ከታችኞቹ አሥራ ስድስት ስምንት። ማለትም ጎበዞቹ ትክክለኛውን አውቀው በቁልፉ ተቀጡ፣ በግምት ያከበቡት ነጥብ አገኙ።

ለፈተና ኮሚቴው አቀረብኩት። ዲናችን ጎልማሳ ሐኪም ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ፀብ ግን አይወድም። አንድ ሰው ሊቆጣ ነው ብሎ ካሰበ ሻይ ያስመጣል። ያን ቀንም ሻይ አስመጣ።

«ለሁሉም ይሰጥ» አለ።

ይህ የቤታችን ደንብ ነው። ጥያቄ ሲበላሽ ነጥቡ ለሁሉም ተማሪ ይሰጥና ነገሩ ይዘጋል። ለተማሪው አይከፋም፤ ማንም አይጎዳም፣ ማንም አይከራከርም። ክፋቱ፣ መምህሩም አይሰማም።

«ለጋሼስ ማን ይንገራቸው?» አልኩ።

«ምን ብለን?»

«አራት ቁልፍ ተሳስቷል ብለን።»

«ለእሳቸው? አንቺ ደግሞ!» አለና ሌሎቹን አየ። ሁሉም ሻያቸውን ያማስላሉ። «ደክሟቸው ነው። የኮሚቴ ውጤት ደግሞ ከዚህ ክፍል አይወጣም፤ ደንቡን ታውቂዋለሽ። ዝም አይነቅዝም።»

ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው የፈተና ኮሚቴ አባል ያልነበረ ሰው መሆን አለበት። ደሜ ፈልቶ ወጣሁ። በሁለተኛው ሴሚስተር ቀዮቹ ሰባት ሆኑ፤ ማግኒዥየሙ እንደገና አለበት። እንደገና ጻፍኩ፣ እንደገና ሻይ መጣ፣ እንደገና ለሁሉም ተሰጠ። ዲኑን በር ላይ ይዤ «እኚህ ሰው ሕክምና ያስፈልጋቸው ይሆናል እኮ» አልኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እሱም ተማሪያቸው ነበር። «እሳቸውን አስቀምጬ እንዲህ ከምላቸው እጄ ቢቆረጥ ይሻለኛል» አለኝ። ማዘኑ እውነት ነበር። ለዚያ ነው ያናደደኝ። ሰው በጭካኔ ዝም ሲል ትሰድበዋለህ፤ በፍቅር ዝም ሲል ምን ትለዋለህ?

ከዚያ ክረምት መጣ። በክረምቱ ጋሼ ለተማሪ የሚበተነውን ሃንዳውት በሙሉ እንደ አዲስ ጻፉት። አሮጌው ብዙ ጊዜ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ስለ ደበዘዘ ነው ያሉት። መስከረም ላይ አዲሶቹ ተማሪዎች ያንን ይዘው ተማሩ። ጋሼም በየጠዋቱ በእግራቸው ይመጣሉ፣ ሰላም ይሉኛል፣ «ስካነርሽ ዛሬ ጤና ነው?» እያሉ ያሾፉብኛል። ደህና ይመስላሉ። አንዳንዴ ደረጃው ላይ ቆመው የቱ ፎቅ እንደሆነ ያስቡ ነበር፤ ግን ሕንፃው ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ እኔም እሳሳታለሁ።

የዘንድሮው ፈተና ሲታረም ገበታውን ከፈትኩት። አረንጓዴ። ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ፣ አንድም ቀይ የለም። ጮኼ ተነሳሁ። ዲኑ ቢሮ በሩጫ ሄድኩ፤ እሱም ወረቀቱን ሳመው። «አየሽ? ዕረፍት ነበር ያጡት። ብንነግራቸው ኖሮ ሰውየውን ገድለናቸው ነበር» አለኝ። ተሸነፍኩለት፤ በደስታ ነው የተሸነፍኩት። ወደ ቢሮዬ ስመለስ አፌ ውስጥ ዜማ ነበረ።

ከዚያ ወረቀቱን ወደ ፋይል ከመክተቴ በፊት፣ ሥራው ነውና፣ የየጥያቄውን የድሮ ቁጥር ከአዲሱ ጎን አስቀመጥኩ። የማግኒዥየሙ ጥያቄ ላይ ስደርስ ዜማው ቆመ። ባለፈው ዓመት ከዜሮ በታች የነበረው ጥያቄ ዘንድሮ ከምርጦቹ አንዱ ሆኗል። ከላይኞቹ አሥራ ስድስት አሥራ አምስቱ መልሰውታል፣ ከታችኞቹ ስምንቱ። ቃሉ አልተለወጠም፣ ነጥብ እንኳ አልተጨመረበትም። ጥያቄ እንዲህ በራሱ አይድንም። ቁልፉን አወጣሁ። ጋሼ የጻፉት ያው «ሐ» ነው። የተለወጡት ላይኞቹ ተማሪዎች ናቸው። ሃንዳውቱን ከአንዲት ተማሪ ተቀብዬ ገለጥኩ፤ በጥሩ ጽሑፍ፣ ከሥሩ በተሰመረ መስመር፣ የማግኒዥየም ማርከሻ ፖታሲየም ክሎራይድ ይላል።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ነገር ፍርሃት ብለው ያንሳል። እኔ የምሠራው ቁጥር እውነቱን አያውቅም። የሚያውቀው ላይኞቹ ተማሪዎች ከቁልፉ ጋር መስማማታቸውን ብቻ ነው። መምህሩ በትክክል አስተምሮ ቁልፉ ላይ ሲሳሳት ጥያቄው ቀይ ይሆናል፣ እንነቃለን። ማስተማሩም ቁልፉም አንድ ላይ ሲሳሳቱ ግን ጥያቄው ያብባል። ጎበዙ ተማሪ የተነገረውን አጥብቆ ይይዛል፤ ሰነፉ ስላልያዘ ይድናል። እኔ ደግሞ አረንጓዴ ቀባሁትና በሩጫ ሄጄ አበሰርኩ። እነዚያ ላይኞቹ ልጆች፣ ጎበዞቹ፣ በሚቀጥለው ሰኞ ለልምምድ ማዋለጃ ክፍል ሊገቡ ነው።

ወደ ዲኑ አልተመለስኩም። ሻይ መጠጣት አልፈለግኩም።

ጋሼ በመምህራን ክፍል መስኮት ሥር ተቀምጠው ወደ መንገዱ ይመለከታሉ። ሌላ ሰው አልነበረም። ወረቀቶቹን ይዤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ላሳይዎት ነበር።»

«እስቲ አምጪው።» መነጽራቸውን አደረጉ። ቁጥሩን ነው መጀመሪያ ያዩት፤ ከእኔ ጋር ሲያወሩ መኖራቸው ቁጥር ማንበብ አስለምዷቸዋል። «ክብደቱ ደህና ነው። መለየቱ ደግሞ ግሩም። ምን ሆነ ታዲያ?»

«ጥያቄውን ያንብቡልኝ።»

ድምፃቸውን አውጥተው አነበቡት። ምርጫዎቹ ላይ ሳይደርሱ፣ ከወረቀቱም ቀና ሳይሉ «ካልሲየም ግሉኮኔት» አሉ። ከዚያ በመገረም አዩኝ። «አንቺ ይሄን አጥተሽው ነው?»

ቁልፉን ከጥያቄው ጎን አስቀመጥኩ። ከዚያ ሃንዳውቱን፣ መስመር የተሰመረበትን ገጽ ገልጬ።

ረጅም ጊዜ አዩት። አንዴ ቁልፉን፣ አንዴ ሃንዳውቱን። አንድ ሰው የእጅ ጽሑፋቸውን አስመስሎ ጽፎ እንደሆነ የሚመረምሩ ይመስላሉ። «ሐ»ዋን በጣታቸው ነኳት።

«የኔ እጅ ነው» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«ቅድም እኮ በትክክል ነገርኩሽ።»

«ነገሩኝ።»

«እና ይሄን ስጽፍ የት ነበርኩ?»

አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። ወረቀቶቹን አስተካክለው ደረደሯቸውና እንደ ሕመምተኛ ታሪክ እየተቀበሉ ይጠይቁኝ ጀመር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካለፈው ዓመት መጀመሪያ።»

«እየጨመረ ነው?»

«ጨምሯል።»

«ማን ያውቃል?»

«ኮሚቴው።»

«ዲኑም?»

«እሱም።»

«አንቺም።»

«እኔም ጋሼ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እና የሚነግረኝ አንድ ሰው ጠፋ? አንድ?» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ሕመምተኛ ደሙ እየፈሰሰ ዝም ብዬ አልፌ አውቃለሁ? እንዲህ ነው ያስተማርኳችሁ?»

«ስለምናከብርዎት ነው» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እንዴት ያለ የረከሰ ነገር እንደሆነ ሰማሁት።

«አክብራችሁኝ ልጆቹን ልታስጨርሱ» አሉ። ከዚያ ወዲያው ረጋ ብለው፣ «ለ ያሉት ስንት ናቸው?»

«አሥራ ሰባት።»

«እነሱ ነጥባቸው ይመለስላቸው። ሐ ያሉትም አይቀነስባቸው፤ ያስተማርኳቸውን ነው የመለሱት። ለሁሉም ስጡ።» ቆም አሉ። «ሃንዳውቱ ግን ይሰብሰብ። ዛሬ። ሌላም ስህተት ይኖርበታል፤ የማላየውን እኔ አላርመውም፣ ሌላ ሰው ያርመው። ክፍል አላቸው አሁን?»

«አላቸው።»

«ተነሺ እንሂድ።»

እኔ ላስተካክልልዎት አልኳቸው። በማስታወቂያ እንለጥፈው፣ ስም ሳይጠራ፣ የኅትመት ስህተት ነው እንበል። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ አንድ ዓመት ሙሉ በኮሚቴው የተናደድኩት ሴትዮ። ኮታቸውን እየለበሱ ነበር፤ ሳይመልሱልኝ ወጡ።

ክፍል ውስጥ ስንገባ ሌላ መምህር እያስተማረ ነበር፤ ይቅርታ ጠይቀውት የሰሌዳ ማርከሩን ተቀበሉ። ስልሳ የሚሆኑ ልጆች ብድግ አሉ። «ቁጭ በሉ» አሉና ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ማግኒዥየም ሰልፌት» ብለው ጻፉ፤ ከጎኑ «ካልሲየም ግሉኮኔት»። ከዚያ ዞሩ።

«ፖታሲየም ክሎራይድ ብዬ አስተምሬያችኋለሁ። ተሳስቻለሁ። ሰኞ ማዋለጃ ክፍል ትገባላችሁ። ይሄን ተሳስታችሁ የሰጣችኋት እናት አትነሳም። አሁኑኑ ሰርዙት።»

ክፍሉ ውስጥ የወረቀት ድምፅ ብቻ ተሰማ። ከፊት ያለችው፣ ከላይኞቹም አንደኛ የምትወጣው ልጅ፣ እጇን አወጣች። የማትረብሽ ጨዋ ልጅ ናት፤ ምንም ክፋት አልነበራትም።

«ጋሼ፣ ለፈተና ግን የትኛውን እንያዝ?»

ጋሼ አዩዋት። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። አልተቆጡም። ማርከሩን ከድነው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ በፊት እጃቸውን ኪሳቸው ከተው አይቻቸው አላውቅም።

«ሌላም የተሳሳትኩት አለ» አሉ። «የቱ እንደሆነ አላውቀውም። ጭንቅላቴ አሞኛል። ስለዚህ ከእኔ የሰማችሁትን ሁሉ፣ ትክክል የመሰላችሁንም ጭምር፣ ከመጽሐፍ ጋር አስተያዩት። እኔና መጽሐፉ ካልተስማማን እኔን አትመኑኝ።»

ከዚያ ከፊት ያለችው ልጅ አንገቷን ደፍታ መጻፍ ጀመረች፤ ከጎኗ ያሉትም ተከተሏት፣ ከኋላ ያሉትም። ያሉትን ነበር የሚጽፉት፣ ቃል በቃል፣ አንዷም ያመለጠኝን ድገሚልኝ እያለች በሹክሹክታ ከጎረቤቷ ትቀዳለች። ጋሼ በር ላይ ቆመው ይህን ለአፍታ አዩ፤ ከዚያ የቱ ነው ደረጃው ብለው ጠየቁኝ።